ጥላው በካሜራው በኩል

ቪዲዮውን ቆም አድርገን እንየው። ጡረታ የወጡ መምህርት በኮንዶሚኒየም ሳሎናቸው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገዋል፣ መነጽርም አላቸው። ብርሃኑ ከምስሉ ግራ ገብቶ ግንባራቸውን ያበራል፤ ከዚያ በአፍንጫቸው ላይ ይወርድና ወደ እኛ ያለውን ጉንጫቸውን ቀስ እያለ ለጥላ ይለቃል። በጥላው ውስጥ ግን ፊታቸው አልጠፋም፤ የጉንጫቸው አጥንትም፣ ከዓይናቸው ጥግ የሚነሱት ቀጫጭን መስመሮችም በደንብ ይታያሉ። በሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ፣ ከብሌኑ ከፍ ብሎ ወደ ግራ፣ የመስኮቱ ቅርጽ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ተቀምጧል። የኋላው ግድግዳ ከፊታቸው ይልቅ ጠቆር ያለ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ የጠረጴዛ መብራት ቢጫ ሆኖ በርቷል።

ይህን ያነሳችው ሙያውን በሠርግና በልደት ቪዲዮ የለመደች ወጣት ናት። የያዘችው ዕቃ በአንድ ፌስታል የሚገባ ነበር፦ ስልኳ፣ ቀላል ትራይፖድ፣ ጥቂት ኤልኢዲ አምፖሎች፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም፣ ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ ንጹህ ነጠላ እና የልብስ መቆንጠጫዎች። ጠያቂው እኔ ብሆንም ከጥያቄዬ ይልቅ እጇን ስመለከት ነው ያረፈድኩት።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የጣሪያውን መብራት ማጥፋት ነው። መምህርቷ ደነገጡ። “እንዴ ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ መብራት ይበራል እንጂ ይጠፋል?” አሏት።

“ለቪዲዮው ብዬ ነው እማማ፣ ሲጨርሱ መልሼ አበራዋለሁ” አለች፤ ግን አላበራችውም፣ ምክንያቱም እሳቸውም ረሱት።

የጣሪያ መብራት ሁለት ጥፋት ይሠራል። አንደኛ ከአናት ላይ ስለሚወርድ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ይከድነዋል፤ ሰውየው ያልተኛና የተከፋ ይመስላል። ሁለተኛውና የባሰው የቀለም ነገር ነው። የሳሎኑ አምፖል ቢጫ ነበር፤ እንዲህ ያለው አምፖል ማሸጊያው ላይ 3000 ኬልቪን ግድም ተብሎ ይጻፍበታል። የቀን ብርሃን ግን ከ5500 እስከ 6500 ኬልቪን ይሆናል፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የኛ ዓይን ይህን ልዩነት ቶሎ ይለምደዋል፣ ካሜራ ግን አይለምደውም። ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ ከተገናኙ ግማሹ ጉንጭ ብርቱካን፣ ግማሹ አመድ ይሆናል። በኤዲቲንግ እናስተካክለዋለን የሚሉ አሉ፤ አይስተካከልም። ብርቱካኑን ስታቀዘቅዘው አመዱ ይብሱኑ ሰማያዊ ይሆናል። መድኃኒቱ አንዱን መምረጥና ሌላውን ማጥፋት ብቻ ነው፣ እሷም መስኮቱን መረጠች።

መስኮቱንም ቢሆን ከቤት ሳትወጣ ነው የመረጠችው። ቀድማ ደውላ “ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በየትኛው ክፍል ነው?” ብላ ጠይቃ ነበር፤ መኝታ ቤት በኩል ሲሏት ሳሎን እንዲሆን አደረገች። ቀጥታ ፀሐይ ፊት ላይ ካረፈ የአፍንጫን ጥላ እንደ ቢላ ይስለዋል፣ ሰውየውንም ያስጨፍነዋል። ፀሐይ የማያየው መስኮት ግን የሚያስገባው የሰማይን ብርሃን ነው፤ ሰማይ ደግሞ ሰፊ ነው። ሰፊ ምንጭ ጥላው ለስላሳ ይሆናል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ አንዱ የጣለውን ጥላ ሌላው ይሞላዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የሠዓሊና የፎቶ አንሺ ስቱዲዮ መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ ለኛ የሚበጀው ሕግ የእሷ ጥያቄ ነው፦ ጠዋት ከሆነ ምዕራብ፣ ከሰዓት ከሆነ ምሥራቅ።

የመምህርቷ ሳሎን መስኮት ምዕራብ ያያል። ፊት ለፊቱ ሌላ ብሎክ ቆሟል፣ እኔም ብርሃኑን የሚከለክል መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ የዚያን ብሎክ ፊት ስትመታው፣ ክሬም ቀለም የተቀባው ባለ አራት ፎቅ ግድግዳ በሙሉ ብርሃን መላሽ ሆነ። ወደ ሳሎኑ የሚገባው በአብዛኛው ከሰማይ ሳይሆን ከግድግዳው የተመለሰ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ በጣም ሰፊ፣ የሚያህለው ዕቃ በገንዘብ የማይከራይ። እሷ ይህን ያየችው መጋረጃውን እንደገለጠች ነው። ነጭ ወረቀት በመምህርቷ ፊት ቦታ አስይዛኝ የስልኩን ዋይት ባላንስ በወረቀቱ ላይ አስተካክላ ቆለፈችው፤ ብርሃኑ አንድ ምንጭ ብቻ ስላለው የግድግዳው ክሬም ቀለም በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። ወፍራሙን ቡናማ መጋረጃም ከናካቴው ወደ ጎን ሰበሰበችው፣ ጠርዙ እንኳ ቀለሙን ፊት ላይ ያስነካልና።

ወንበሩን ደግሞ ሦስቴ አንቀሳቀሰችው። ሰው በደመ ነፍስ ወይ መስኮቱን ከጀርባው ያደርጋል፣ ወይ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ከጀርባ ከሆነ ካሜራው ለመስኮቱ ሲል ፊትን ያጠቁረዋል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ፊቱ ይበራል፣ ግን እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። እሷ ወንበሩን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አራቀችው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ከመስኮቱ የኋለኛ ጠርዝ አለፍ አስደረገችው፣ ብርሃኑ ከጎንም ከፊትም እንዲመጣ። አንድ ሜትሩ ለምን እንደሆነ ያወቅኩት በስክሪኑ ላይ ስመለከት ነው። ወንበሩ መሐል ሳሎን በነበረበት ጊዜ ፊታቸውና የኋላው ግድግዳ እኩል በርተው ነበር። ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ፊታቸው ላይ ብርሃኑ በረታ፣ ስልኩ ለፊታቸው ተብሎ ብርሃን ሲቀንስ ግድግዳው ጨለም አለ፣ እሳቸውም ከግድግዳው ተለይተው ወጡ። ግድግዳውን ማንም አልነካውም። ከአንድ ትንሽ አምፖል በእጥፍ ብትርቅ የሚደርስህ ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ መስኮት ሰፊ ስለሆነ እንዲያ ቶሎ ባይቀንስም መንገዱ ያው ነው። በፊትና በግድግዳ መካከል ያለውን ልዩነት የምትወስነው ሰውየውን ለመስኮቱ በማቅረብና በማራቅ ነው።

አሁን ወደ እኔ ወንበር እንምጣ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ከካሜራው ቀኝ በኩል ሰፊ ቦታ ስለነበረ እዚያ ተቀመጥኩ። “ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይሁኑልኝ” ብላ በካሜራውና በመስኮቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አስገባችኝ፤ ጉልበቴ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ። መምህርቷ የሚያዩት እኔን ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል ስሆን ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይዞራል፤ ካሜራው ደግሞ በስፋት የሚያየው ከብርሃኑ የራቀውን ጉንጫቸውን፣ ማለትም ጥላውን ነው። መጀመሪያ በተቀመጥኩበት ብቆይ ኖሮ ፊታቸውን ከመስኮቱ ያዞሩ ነበር፤ ለካሜራው የሚቀርበው ጉንጭ በሙሉ በርቶ ጥላው ከአፍንጫቸው ወዲያ ይደበቃል። ሁለቱንም ቀርጻ አሳየችኝ። መጀመሪያ ከተቀመጥኩበት በተቀረጸው ፊታቸው ሰፋ ብሎ ይታያል፣ ጉንጭና ጆሮ አንድ ወጥ ሆነው የተዳመጠ የፓስታ ሊጥ ይመስላሉ። እኔ በመስኮቱ በኩል ሆኜ በተቀረጸው ግን አፍንጫ አፍንጫ ነው፣ ጉንጭም ጉንጭ። ብርሃኑ አልተለወጠም፣ ወንበራቸውም አልተነቃነቀም፤ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ጥላው በካሜራው በኩል ይሁን የሚለውን ይህን ነገር የሠዓሊዎች መማሪያም የፎቶ አንሺዎች መማሪያም ያውቀዋል፤ በየዩቲዩቡ የምናየው የቤት ቃለ ምልልስ ግን አብዛኛው ገልብጦ ነው የሚሠራው፣ ጠያቂው ባገኘው ሶፋ ላይ ስለሚቀመጥ።

ጥላው በካሜራው በኩል ሲሆን ታዲያ ጥላው ውስጥ ምን እንዳለ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሳሎኑ የቀኝ ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ አረንጓዴነቱን ይዞ ስለሚመጣ፣ የመምህርቷ የጥላ ጉንጭ የታመመ ሰው ይመስል ነበር። ይህን በዓይን ማየት ያስቸግራል፤ መዳፍህን በፊታቸው ቦታ አድርገህ በስልኩ ስክሪን ስታየው ግን ይለያል። ነጩን ፎም በወንበር ላይ አቁማ፣ ከምስሉ ውጭ፣ ከጉንጫቸው አንድ ክንድ ያህል አስጠጋችው። ፎሙ ሁለት ነገር ሠራ፤ አረንጓዴውን ከለከለ፣ የመስኮቱንም ብርሃን መልሶ ወደ ጥላው ላከ። ከዚያ ትንሽ አራቀችው። “ካቀረብኩት ጥላው ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ ምን ደከምኩ?” አለች።

ስለ መልካችን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጠየም ያለ ወይም ጥቁር ቆዳ ቅርጹን ለካሜራ የሚያሳየው በዋናነት በወዙ ነው፤ በግንባር፣ በጉንጭ አጥንትና በአፍንጫ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ። ነጸብራቁ የምንጩን ቅርጽ ይይዛል። ምንጩ ራቁቱን ያለ አምፖል ከሆነ ግንባር ላይ ትንሽ የምትነድ ነጥብ ትሆናለች፣ ሰውየውም ያላበው ይመስላል። መስኮት ወይም ትልቅ ነጭ ጨርቅ ከሆነ ግን ወዙ ሰፋ ብሎ፣ ጠርዝ ሳይኖረው ይተኛል። “ኢንሴኪዩር” በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የካሜራ ኃላፊ የነበረችው አቫ በርኮፍስኪ ጥቁር ተዋንያንን በነጭ ሰሌዳና በነጭ ጨርቅ በተመለሰ ብርሃን፣ ፊታቸውንም ቅባት በማስነካት ታነሳ እንደነበር የታወቀ ነው። መምህርቷ ጠዋት ፊታቸውን ተቀብተው ስለነበር ፓውደር ላድርግልዎት ያላቸው የለም።

ያስቸገረው ነጠላው ነው። ነጭ ጥጥ በመስኮት አጠገብ ከጥቁር ፊት ይልቅ እጅግ ያበራል። ስልኩ በራሱ ሲለካ ነጠላውን ለማዳን ፊታቸውን አጠቆረ፤ በጣት ፊታቸውን ነክታ ስታስለካው ደግሞ በመስኮቱ በኩል ያለው ትከሻቸው ክር የማይታይበት ነጭ ጉም ሆነ። ነጠላውን ያውልቁት ማለት ይቻል ነበር፣ ብዙዎችም ይላሉ። እሷ ግን ጥቁሩን ጨርቅ በመስኮቱ የታችኛው ክፍል ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለችው፤ ከመስኮቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ሸፈነ። ከታች የሚመጣው ብርሃን ሲቀር ትከሻቸው ደበዘዘ፣ ፊታቸው ግን የላይኛውን ብርሃን እያገኘ ብዙም አልቀነሰም። ወዲያው የነጠላው ክርና እጥፋት ታየ። ብርሃኑም ከላይ ወደ ታች ሆነና በዓይናቸው ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ ከብሌኑ በላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ የስልኩን ስክሪን ተጭና ይዛ AE/AF LOCK የሚለው ሲመጣ ለቀቀችው። ይህ ካልተደረገ መምህርቷ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ስልኩ እንደገና እየለካ ምስሉ ይበራል፣ ይጨልማል።

መነጽሩ በመስታወቱ ላይ መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ ያንጸባርቅ ነበር፤ ዓይናቸው አይታይም። መስኮት እንደ አምፖል ከፍ አይደረግም። “እማማ፣ ይፍቀዱልኝ” ብላ የመነጽሩን እግሮች ከጆሯቸው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አደረገችና በፀጉራቸው ላይ አሳረፈቻቸው። መስታወቱ ወደ መሬት ዘንበል ሲል ነጸብራቁ ወደ ታች ሄደ። ከፊት ለፊት ስትመለከት ምንም አያስታውቅም።

የጠረጴዛው መብራት የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ርካሽ አምፖል ከመስኮት ጋር አይታገልም። ማሸጊያው ላይ 9 ዋት የሚል ኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ግድም ይሰጣል፤ አንድ ሜትር ርቀት ላይ መቶ ሉክስ ቢያደርስ ነው። በመስኮቱ አጠገብ የነበረው የቀን ብርሃን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አምፖሉን ወደ ፊታቸው ብታዞረው ኖሮ ትርፉ የቀለም ጭቅጭቅ ነው። ከኋላ ግን፣ በጨለመው ግድግዳ ጥግ፣ ያችው አምፖል በቂ ናት። እዚያ ቢጫ መሆኗም አይከፋም፤ ሰው የጠረጴዛ መብራት ቢጫ ሆኖ ሲያይ ቤት ነው ይላል እንጂ ስህተት ነው አይልም። እዚህ ላይ ግን ከእሷ ጋር አልስማማም፦ የመብራቱ ቆብ ከፊታቸው እኩል ስለሚያበራ ዓይን አንዳንዴ ወደዚያ ይሄዳል። በቆቡ ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት ብትጨምርበት ይበቃ ነበር።

ለዚህች መብራት የመረጠችው በባትሪ የሚሠራ አምፖል ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በቃለ ምልልሱ መሐል መብራት ሲሄድ ነው። ፍሪጁ ዝም አለ፣ መምህርቷ ወሬያቸውን አላቋረጡም፣ በምስሉ ላይም ምንም አልተለወጠም።

በባትሪ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደብዘዝ ደመቅ ሊል ይችላል። ዓይን አያየውም፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ግን በምስሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች አድርጎ ያሳየዋል። አምፖሉን ከመግዛትህ በፊት ሱቁ ውስጥ በስልክህ ስሎው ሞሽን ቀርጸህ እየው፤ የሚርገበገብ ከሆነ ተወው። ካልሆነም 25 ፍሬም እና 1/50 ሻተር አድርገህ ቅረጽ፤ ለዚህ Blackmagic Camera የሚባለው ነጻ አፕ ይበቃል። አሜሪካ ያለ ሰው እናቱን በዚያ ሲቀርጽ ግን ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 ነው የሚሆነው።

ወደ 5 ሰዓት ስንጠጋ ፀሐይዋ ወደ አናት ስትወጣ የፊት ለፊቱ ብሎክ እየደበዘዘ ሄደ። እሷ ይህን ስለጠበቀች ፊታቸው የሚታይበትን ረጅም ታሪክ ቀድመን እንድንቀርጽ አድርጋ፣ ኋላ ላይ ፎቶዎቻቸውንና እጃቸውን ቀረጸች። በፊት የተቀረጸ መልስና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የተቀረጸ መልስ ጎን ለጎን ቢቆረጡ፣ ሰዓቱ ያለፈው በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ይመስላል።

አንድ ጥያቄ ረስቼ ስለነበር ማታ ተመለስን። መስኮቱ ጥቁር ሆኗል። እሷም መስኮት ሠራች፦ ያመጣችውን ነጠላ እጥፍ አድርጋ፣ ባለቀለሙ ጥበብ ወደ ላይ እንዲሆንና በብርሃኑ መንገድ እንዳይገባ አድርጋ፣ ጠዋት መስኮቱ በነበረበት በኩል በገመድ ሰቀለችው። ከበስተጀርባው ሦስት ነጭ አምፖሎችን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ አምፖሎቹን ለነጠላው አስጠግታ ነበር፤ ጨርቁ መሐሉ ላይ ብቻ ክብ ሆኖ በራ፣ የመምህርቷ ጥላም ደረቅ ሆነ። ስልሳ ሰባ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስታርቃቸው ነጠላው ከዳር እስከ ዳር በራ፣ ጥላውም ለሰለሰ። ለስላሳነቱን የሚወስነው አምፖሉ ሳይሆን የበራው ጨርቅ ስፋት ነው። ጨርቁ ከፊታቸው ከአንድ ሜትር ያነሰ ነበር የሚርቀው፤ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ከዚያ ቢርቅ ስልኩ ምስሉን አሸዋ የተነሰነሰበት ያደርገዋል።

የማታውን ከጠዋቱ ጋር ሳስተያይ የምለየው በግድግዳው ነው። ምንጩ ለፊታቸው በጣም ስለቀረበ ብርሃኑ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ያልቃል፣ ኋላቸው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ለዚህ ነው ያችን ቢጫ አምፖል ከቆቧ አውጥታ፣ ከሶፋው ጀርባ መሬት ላይ አድርጋ፣ ወደ ግድግዳው ያዞረቻት። ግድግዳው ከታች ወደ ላይ እየቀነሰ ቡናማ ሆነ። ጠዋት ያልወደድኩት የመብራት ቆብም ከምስሉ ወጣ፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያችን አንዷን የማታ መልስ ከሁሉ አስበልጬ የማያት።